መሬቱን የሚያድለው ማነው? ከጎጃም ርስት እስከ 1989ኙ ድልድል

ስለ ኢትዮጵያ መሬት ወሬ ሲነሣ ክርክሩ ወዲያው ሁለት ጎራ ይይዛል፤ «መሬት የግል ይሁን» እና «መሬት የመንግሥት ይሁን»። ሁለቱም ወገን የሚሟገተው ስለ ባለቤትነት ነው። ገበሬውን በየዘመኑ ሲያስጨንቀው የኖረው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የትኛውን ማሳ ማን ይረስ ብሎ የሚወስነው ማነው? በውሳኔው የተበደለስ አቤት የሚለው ለማን ነው? የገጠር እኩልነትና የፖለቲካ ሥልጣን የሚገናኙት እዚህ ጋ ይመስለኛል። ለዚህም ከጎጃም የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ለምን ጎጃም? በ1960 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት አዲስ የእርሻ ግብር አውጥቶ የየገበሬውን ገቢ ለመገመት ሰው ሲልክ የጎጃም ገበሬ መሣሪያ አንሥቶ መለሰው። በ1989 ዓ.ም. ሌላ መንግሥት ከአንዱ ማሳ ቆርጦ ለሌላው ለመስጠት ገመድና የስም ዝርዝር ይዞ ሲመጣ ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠናቀቀ። ሕዝቡም መሬቱም ያው ነው፤ የሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ነበር። በሁለቱ መካከል ያሉት 29 ዓመታት ምን እንደለወጡ ማወቅ፣ የመሬት ለውጥ ከሥልጣን ጋር ያለውን ዝምድና ማወቅ ነው።

ርስት፦ ለሁሉም የሆነ፣ ግን ሁሉም ያላገኘው

በሰሜኑ ክፍል፣ ማለትም በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ በአብዛኛው የነበረው ሥርዓት ርስት ነው። የአንድ አካባቢ መሬት በጥንት ጊዜ ያቀናው ሰው አለ ተብሎ ይታመናል፤ አቅኚ አባት ይሉታል። ከእሱ የተወለደ ሁሉ፣ በአባትም ይቁጠር በእናት፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በመሬቱ ላይ ድርሻ ይጠይቃል። ልብ ይበሉ፤ የሚጠየቀው ድርሻ ነው እንጂ ይህ ማሳ ወይም ያ ማሳ አይደለም። አንድ ሰው ደግሞ በአያቶቹና በቅድመ አያቶቹ በኩል ከብዙ አቅኚ አባቶች ሊቆጠር ስለሚችል የመጠየቅ መብቱ በብዙ ቦታ የተበተነ ነው። ርስትን አውጥቶ ለባዳ መሸጥ ደግሞ ነውር ነበር።

ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ጠያቂው ሁልጊዜ ከመሬቱ ይበልጣል። ሁሉም መብት ካለው፣ ሁሉም ደግሞ የሚያገኝበት መሬት ከሌለ፣ የሚያገኘው ማን ነው? ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያስረዳ፣ ምስክር የሚያቆም፣ ለሙግት የሚያወጣው ገንዘብና ጊዜ ያለው፣ ከዳኛውም ጋር የሚተዋወቅ ሰው ነው። ጭቃ ሹም ወይም ምስለኔ የሆነ ሰው የቀረው ጥያቄው ሁሉ ድንገት የሚሰማ ይሆናል። ሹመቱ ሲያልፍ ወይም ሰውዬው ሲሞት የሰበሰበው መሬት በልጆቹ መካከል ይበተንና ሌላ ጉልበተኛ ይነሣል። ስለዚህ በጎጃም ሰው ባለሥልጣን የሚሆነው መሬት ስላለው አልነበረም፤ አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ የሚመጣው ሥልጣኑን ተከትሎ ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከርስት ጨርሶ የወጡ ሰዎችም ነበሩ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ በብዙ ቦታ ሙስሊሙ፣ በጎንደር በኩል ደግሞ ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች አያቶች ርስት አልነበራቸውም። የሰው መሬት እያረሱ ወይም በእጅ ሙያቸው ይኖሩ ነበር። «ርስት ሁሉን እኩል የሚያደርግ ነበር» የሚል ሰው እነዚህን ሳይቆጥር ነው።

በርስቱ ላይ ደግሞ ጉልት ይደረብበታል። ጉልት የመሬቱ ሳይሆን የግብሩ መብት ነው። ባለርስቱ ያርሳል፤ ባለጉልቱ፣ መኳንንትም ይሁን ደብር፣ ግብርና አስራት ይቀበላል፣ ሁዳድ ያሳርሳል፣ ዳኝነትም ይዳኛል። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በአዋጅ ቀረ።

ደቡቡ ሌላ ታሪክ ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ በኋላ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለወታደር፣ ለሹምና ለቤተ ክርስቲያን በጋሻ በጋሻ ታደለ፤ ነባሩ ገበሬ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር አካባቢ ነው። ጭሰኛው እንደ ቦታው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ በዋናነት የሚያስቡት ይህን ነበር። በአርሲ በስዊድን ርዳታ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ምርትን በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ከፍ ሲያደርግ፣ ባለመሬቶቹ «ከጭሰኛ ጋር ከምካፈል ለምን በትራክተር አላርሰውም» ብለው ብዙ ጭሰኛ ነቀሉ። ልማቱ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ውሉን የማፍረስ መብት በአንድ ወገን እጅ ብቻ ስለነበረ ጥቅሙም ወደዚያው ሄደ።

ገበሬው እምቢ ያለበት ዓመት

ወደ ጎጃም እንመለስ። በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ሕግ ሲወጣ ጎጃም፣ ጎንደርና ትግራይ መሬታቸው ሳይለካ በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። መንግሥት ይህን ያደረገው በደግነት አልነበረም፤ በጎጃም ከጣሊያን በኋላ መሬት ለመለካት የተደረገው ሙከራ ችግር አምጥቶበታል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. ግን አዲስ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አስራትን አስቀርቶ እያንዳንዱ ገበሬ በሚያገኘው ምርት ልክ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። በወረቀት ላይ ከቀድሞው የተሻለ ነበር፤ ብዙ ያለው ብዙ ይከፍላል፣ ጥቂት ያለው ጥቂት።

ታዲያ ለምን ጎጃም ተነሣ? ግብሩን ለመገመት የየሰውን ማሳ ማየት፣ ስሙን መመዝገብ፣ ይህ መሬት የእገሌ ነው ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በርስት ሥርዓት ደግሞ መሬቱ ዛሬ በእገሌ እጅ ቢሆንም ነገ ሌላው ዘመድ የሚጠይቀው ነው። ስሙ አንድ ጊዜ መዝገብ ከገባ የሌሎቹ ጥያቄ ተዘጋ ማለት ነው። ገበሬው ለሁለት ብርና ለሦስት ብር ልዩነት ብቻ አልሸፈተም፤ ርስቱን በወረቀት ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ነው። በጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ላይ የነበረው ምሬትም ተጨመረበት። መንግሥት ጦር ላከ፤ በአውሮፕላንም ደበደበ። በመጨረሻ ግን የተሸነፈው መንግሥት ነው፤ ገዥው ከጎጃም ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፣ አዲሱ ግብር እዚያ ሳይሠራ ቀረ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

እዚህ ላይ ጎጃሜው በጀግንነቱ አሸነፈ ብሎ መተው ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲያ ይሉታል። ነገር ግን ጀግንነት በ1989 ዓ.ም. ስላልጠፋ ማብራሪያው ያ ብቻ ሊሆን አይችልም። በ1960 ዓ.ም. የመሬት ውሳኔ በዘመድና በሽማግሌ እጅ ነበር። መንግሥት በየመንደሩ ማን ምን እንደሚያርስ የሚያውቅበት መዝገብ አልነበረውም፤ መዝገቡ በሽማግሌዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። እነሱ ካልተናገሩ ገማቹ ምንም አያገኝም። ባለጠጋውም ድኻውም የርስት ጥያቄ ስላለው ደግሞ በአንድ ላይ ቆመ።

የ1967ቱ አዋጅ የሰጠውና የወሰደው

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጀ። አዲስ አበባ በድጋፍ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። የአዋጁ ፍሬ ነገር አጭር ነው። የግል የመሬት ባለቤትነት ያለ ካሳ ቀረ። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተባለ። መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ፣ ማከራየት ተከለከለ። ከአቅመ ደካሞች በቀር ሰው ቀጥሮ ማሳረስም ተከለከለ። ጭሰኛው ለባለመሬቱ የሚከፍለው ኪራይና ዕዳ ተሰረዘለት።

ለአርሲ፣ ለባሌ፣ ለሐረርጌ፣ ለሲዳሞ ወይም ለከፋ ጭሰኛ ይህ የዘመን ለውጥ ነበር፤ እውነተኛ ነጻነት ነው፤ ይህን ለመካድ የሚሞክር ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ጸሐፊው ከየትኛው ወገን እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ርስት ያልነበራቸው ሸማኔዎችና ሙስሊሞችም በሰሜኑ መሬት አገኙ። ለጎጃሙ ባለርስት ግን አዋጁ ሌላ ትርጉም ነበረው። እሱ የሚጣልለት ባለመሬት አልነበረውም፤ የተጣለው በእናትና በአባት ቆጥሮ የመጠየቅ መብቱ ነው።

በሁለቱም አካባቢ እኩል የሠራ አንድ ነገር ደግሞ አለ። አዋጁ በየ800 ሄክታሩ፣ ማለትም በየ20 ጋሻው፣ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ መሬቱን የሚያከፋፍለው ማኅበሩ ነው። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ማኅበሩ የራሱ ፍርድ ሸንጎና የራሱ ጥበቃ እንዲኖረው ተደረገ። ይኼኔ ነው ነገሩ የተቀየረው። የቀድሞው ባለጉልት ግብር ይቀበል፣ ይዳኝም ነበር፤ የባለርስቱን ማሳ ግን ከልሎ ለሌላ መስጠት አይችልም። የገበሬ ማኅበሩ ግን መሬት ይሰጣል፣ ይነሣል፣ በተነሣው ላይ ይዳኛል፣ እምቢ ያለውንም ያስራል። ጉልተኛውም፣ ዳኛውም፣ የርስት ሽማግሌውም በአንድ ጽሕፈት ቤት ተጠቃለሉ።

መጀመሪያ ላይ ይህ ጽሕፈት ቤት በእርግጥም የገበሬው ነበር፤ ሹሞቹ በአካባቢው ሰው የተመረጡ ናቸው። በኋላ ግን መንግሥት በዚያው ጽሕፈት ቤት በኩል ኮታ ይሰበስብ ጀመር፤ እህል ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ ማስረከብ፣ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና መስጠት፣ ከቤት ነቅሎ ወደ አዲስ መንደር መግባት፣ ለሠፈራ መመልመል ሁሉ የመጣው በማኅበሩ ሊቀመንበር እጅ ነው። እምቢ ያለ ሰው በሚቀጥለው ሽግሽግ ማሳው ወደ ጠፉ መሬት ይወረወራል የሚል ፍርሃት ነበረበት። ማንም ይህን በጽሑፍ ማስፈራራት አያስፈልገውም፤ ሽግሽግ በየጥቂት ዓመቱ መኖሩ ብቻ በቂ ነው።

በ1989 ዓ.ም. ማን ምን ተቆረጠ?

ደርግ ወደቀ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ገበሬው ደግሞ መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመነቀል መብት አለው ተባለ። በዚህ መካከል በአማራ ክልል፣ ኢሕአዴግ ቀደም ሲል ድልድል ባላደረገባቸው አካባቢዎች፣ በተለይ በጎጃም፣ በ1989 ዓ.ም. አዲስ የመሬት ድልድል ታወጀ።

ምክንያቱ በጥቅሉ ትክክል ነበር። ከደርግ የመጨረሻ ሽግሽጎች በኋላ ለአካለ መጠን የደረሱ ወጣቶችና ብቻቸውን ቤት የሚመሩ ሴቶች ያለ መሬት ቀርተዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሊቀመንበርነቱ ዘመን ጥሩ ጥሩውን ይዟል። የድልድሉ ደንብ ግን ሰውን የለየው በመሬቱ ብዛት ብቻ አልነበረም። በንጉሡ ጊዜ ሹም የነበረ ወይም ከዚያ ቤት የመጣ «የፊውዳል ቅሪት»፣ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር፣ በፍርድ ሸንጎ ወይም በመሳሰለው ያገለገለ «ቢሮክራት» ተባለ፤ በገበሬው አፍ በአጭሩ «ቢሮክራሲ»። እነዚህ ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። ሌላው ገበሬ ግን እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችላል።

በቁጥር እንየው። አንድ ጥማድ በበሬ በአንድ ቀን የሚታረስ መሬት ነው፤ ሩብ ሄክታር ያህላል። ስለዚህ የቢሮክራሲው ጣሪያ 4 ጥማድ፣ የሌላው 12 ጥማድ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በምሳሌ እንውሰድ፤ ሰዎቹ የፈጠርኳቸው ናቸው፣ ስሌቱ ግን በደንቡ ልክ ነው። አንደኛው በ1970ዎቹ ሰው መርጦት ሁለት ዓመት በፍርድ ሸንጎ ተቀምጧል፤ 9 ጥማድ ያርሳል፣ በቤቱ 7 ነፍስ አለ። ሁለተኛው ምንም ሹመት ይዞ አያውቅም፤ እሱም 9 ጥማድ ያርሳል፣ በቤቱ 3 ነፍስ ብቻ ነው ያለው። ከድልድሉ በፊት ለአንደኛው ቤት በነፍስ ወከፍ 1.3 ጥማድ ገደማ፣ ለሁለተኛው 3 ጥማድ ይደርሳል። ከድልድሉ በኋላ አንደኛው 5 ጥማድ ተቆርጦ 4 ይቀረዋል፤ ለ7 ነፍስ ሲካፈል ከ0.6 ጥማድ ያንሳል። ሁለተኛው ከጣሪያው በታች ስለሆነ አይነካም። ድኻው ቤት ይበልጥ ደኸየ፤ የተሻለው ባለበት ቆየ።

የተቆረጠው 5 ጥማድ ግን ባዶ ቦታ አልሄደም። ለአዲስ ተጋቢዎች፣ ለባልቴት፣ ለመሬት አልባ ወጣት ተሰጥቷል። ስለዚህ የቀበሌው አጠቃላይ ስሌት ሲሠራ መሬት አልባው ቀንሷል፤ መሬቱ ይበልጥ ለብዙ ሰው ደርሷል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የመሬት ክፍፍልን በአማካይ ቁጥር ብቻ የሚለካ ሰው ስኬት ያያል፤ ከማን ተወሰደ ብሎ የሚጠይቅ ሌላ ነገር ያያል። ለችግረኛ የታሰበን ድልድል ለፖለቲካ ከታሰበው መለየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የተጠየቀውን ጥያቄ ይመልከት። «ስንት ነፍስ ነህ? ስንት ጥማድ አለህ?» ከሆነ ችግርን ነው የሚፈልገው። «በደርግ ጊዜ ምን ነበርክ?» ከቀደመ ግን መሬቱ ዋጋም ቅጣትም ሆኗል ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሸንጎ የተቀመጠውንና አሥር ዓመት ሊቀመንበር ሆኖ ቀበሌውን ያስጨነቀውን በአንድ መስመር ማሰለፍም እንዲሁ ይናገራል።

አሠራሩም ያንኑ ያሳያል። ስም የሚለዩት ከላይ በመጡ ካድሬዎች የሚመሩ ስብሰባዎችና የቀበሌ ኮሚቴዎች ናቸው። በብዙ ቦታ «ቢሮክራሲ» የተባለው ሰው በስብሰባው እንዳይገኝ ተደርጓል፤ ስሙ መግባቱን የሚሰማው ከወጣ በኋላ ነው። አቤት ቢል የሚሰማው ወረዳው ነው፤ ካድሬዎቹን የላከውም ያው ወረዳ ነው። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ መጡ፤ የክልላችሁ ጉዳይ ነው ተብለው ተመለሱ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ድጋፋቸውን በሰልፍ ሲገልጹ ታሰሩ።

በ1960 ዓ.ም. እምቢ ያለው አገር በ1989 ዓ.ም. ያልቻለው ለምን እንደሆነ አሁን መልሱ የሚታይ ይመስለኛል። መዝገቡ ከሽማግሌዎች ጭንቅላት ወጥቶ ቀበሌ ገብቷል። ከዚያም በላይ፣ መቁረጡና መስጠቱ በአንድ መንደር ውስጥ ስለሆነ በአንድ ላይ የሚቆም ሰው አልነበረም። የተቆረጠበት ሰው ቢጮኽ የወሰደው ጎረቤቱ ዝም ይላል፤ ዝም የሚለውም ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ በእጁ ያለው መሬት ደግሞ የሚቆየው ይህ ቀበሌ እስከቆየ ድረስ ነው ብሎ ያምናል። መሬት የሰጠ መንግሥት ምስጋና የሚያገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚነሣውን ፍርሃት ግን ለረጅም ጊዜ ይጠቀምበታል።

መሬት በጥማድ፣ ኑሮ በበሬ

ድልድሉን በማሳው ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ሌላ ነገርም ያያል። መሬቱ ሲሰጥ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ስለሚለይ አንዱ ሰው ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ይደርሰዋል። ፍትሐዊ ነው፤ ግን 3 ጥማድ ያለው ሰው በአራት ቦታ የተበጣጠሰ ቁራጭ ይዟል ማለት ነው። ዋናው ችግር ደግሞ በሬ ነው። አዋጅ መሬት ያድላል እንጂ በሬ አያድልም። 3 ጥማድ የደረሳት ባልቴት ጥንድ በሬ ከሌላት ሦስት መንገድ አላት፤ አንድ በሬ ካላት አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር መቀናጆ መግባት፣ ዘመድ መለመን፣ ወይም መሬቱን የእኩል መስጠት። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻውን ትመርጣለች። አራሹ ዘሩንና በሬውን ያመጣል፣ ሲወቃ እኩሌታውን ይወስዳል።

እናም በብዙ ቀበሌ አንድ የሚያስገርም ነገር ታየ። መሬት የተቆረጠበት «ቢሮክራሲ» በሬዎቹ አልተወሰዱበትም ነበር። አዲሷ ባለመሬት በሬ የላትም። ስለዚህ በቀጣዩ ክረምት ያንኑ ማሳ፣ ትናንት የእሱ የነበረውን፣ የእኩል ሲያርሰው ተገኘ። ልዩነቱ አሁን የመኸሩን እኩሌታ ለእሷ ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለባልቴቷ የዓመት ቀለብ ነው፣ በስምምነቱም ላይ መናገር የምትችል ባለይዞታ ሆናለች። ግን መሬትን በጥማድ ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ይህን ሁሉ አያሳይም።

ደብተሩና የዘገየው ትውልድ

የ1989ኙ ድልድል ካስከተለው ፍርሃት በኋላ ክልሉም ፌዴራሉም መንገድ ቀየሩ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር፤ የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ምዝገባውን በአገር ደረጃ ደነገገ። በአማራ ክልል ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፍቺ ሲመጣ ባል «መሬቱ የእኔ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው ፊት ያለው ወረቀት ሁለቱንም ያሳያል። በእኔ ግምት ደብተሩ በይበልጥ የሠራው ለሴቶች ነው።

ለድልድል ያለው ፍርሃትም ቀነሰ፤ ሰው እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል የሚደፍረው ነገ በእጄ ይቆያል ሲል ነው። ገደቡ ግን አለ። ደብተሩ የመጠቀም መብትን እንጂ የመሬቱን ባለቤትነት አይሰጥም፤ ከተማ ሲሰፋ ወይም ለፋብሪካ ሲፈለግ ገበሬው ለረጅም ጊዜ መከራከር ይችል የነበረው በካሳው መጠን ላይ ነው እንጂ ልነሣ አልነሣ በሚለው ላይ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ከአካባቢው የጠፋ ወይም ከእርሻ ውጭ ቋሚ ኑሮ ያለው ሰው ይዞታውን ሊያጣ ስለሚችል፣ ከተማ ሥራ ለመሞከር የሚፈልግ ወጣት አባቱ መሬት ላይ እግሩን ሳይነቅል ነው የሚሞክረው።

በጎጃም ገጠር አሁን ያለው ዋናው ልዩነት ደግሞ እንደ ቀድሞው በሹመት ወይም በትውልድ ቆጠራ የመጣ አይደለም፤ በልደት ዓመት የመጣ ነው። በ1989 ዓ.ም. ዕድሜው ደርሶ የተቆጠረ ሰው ዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ጥቂትም ቢሆን በስሙ አለው። በዚያን ዓመት ሕፃን የነበረ ወይም ያልተወለደ ግን እንደዚያ ያለ ሰፊ ድልድል አልደረሰለትም። ደብተሩ የነበረውን ይዞታ ስላጸና ለእሱ በሩ ተዘግቷል። ያለው አማራጭ ወላጆቹ ከ4 ጥማዳቸው አንዱን ቆርሰው በሠርጉ ቀን እስኪሰጡት መጠበቅ፣ መሬት መከራየት፣ በመኸር ወራት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ መውረድ፣ አዲስ አበባ ገብቶ በቀን ሥራ መዋል ወይም ወደ ዓረብ አገር መሄድ ነው። ያ ትውልድ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ «እንደገና ይደልደል» የሚለው ድምፅ መነሣቱ አይቀርም። ደብተር የያዘው ወላጅ ደግሞ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ክርክሩ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአባትና በልጅ መካከል ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ባለይዞታው የመጠቀም መብቱን በዋስትና አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው በመሬቱ የመጠቀም መብትን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል እንጂ መሬቱን አይሸጥም። ከላይ ያነሣናቸው ጥያቄዎች እዚህም ይመለሳሉ፤ ያንን መሬት በዕዳው ዘመን የሚያርሰው ማነው? በሬውና ገንዘቡ ያለው ጎረቤት ወይስ ገና መሬት ያላየው የሠፈሩ ወጣት? ገበሬው ውሉ ተጥሷል ቢል የሚሰማው ደግሞ ያው ቀበሌ ነው ወይስ ፍርድ ቤት? በአዋጁ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በየወረዳው እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በተግባር በሚመለሱበት መንገድ ነው።